ወገቡን ለሚያመው ሰው የስፖንጅ ፍራሽ አመራረጥ፦ ዴንሲቲን በሚዛን፣ ጥንካሬን በሰውነት

አዳማ ገበያ ውስጥ ወደ ፍራሽ መደብር ገብቶ «ወገቤን ያመኛል» ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ ተመሳሳይ ነው። ሻጩ መደብሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ጠንካራ የሆነውን እያሳየ «ይህ ሜዲካል ነው፣ ዴንሲቲው ከፍተኛ ነው» ይለዋል። በዚህ አጭር አነጋገር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ አንድ ተቆጥረዋል። ዴንሲቲ በአንድ ሜትር ኪዩብ ስፖንጅ ውስጥ ስንት ኪሎ ግራም ቁስ እንዳለ የሚገልጽ ቁጥር ሲሆን፣ ፍራሹ ሳይጎደጉድ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል በዋናነት የሚወስነው እሱ ነው። ጥንካሬ ደግሞ ሰው ሲተኛበት ስፖንጁ ምን ያህል እንደሚሰምጥ የሚገልጽ ነው። ፋብሪካዎች ጥንካሬን የሚለኩት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ሰሌዳ ስፖንጁን እስከ ተወሰነ ጥልቀት እንዲጫነው አድርገው፣ ለዚያ ያስፈለገውን ኃይል በመመዝገብ ነው። አምራቹ የኬሚካሎቹን ዓይነትና መጠን በመለዋወጥ ዴንሲቲው 32 ሆኖ ለስላሳ የሆነ፣ ወይም ዴንሲቲው 20 ሆኖ ጠንካራ የሆነ ስፖንጅ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ «ጠንካራ ስለሆነ ዴንሲቲው ከፍተኛ ነው» የሚለው ግምት ገዢውን የሚያሳስት ሲሆን፣ ጉዳቱ የሚታየውም ገንዘቡ ከተከፈለና ወራት ካለፉ በኋላ ነው።

ይህ መመሪያ ሁለቱን ለያይቶ ይመለከታቸዋል። ዴንሲቲውን በሚዛንና በሜትር ማረጋገጥ ይቻላል፤ ጥንካሬውን ግን ከተኝው ሰው ሰውነት በቀር የሚፈርድበት የለም።

አንደኛ እርምጃ፦ ጥፋቱ የፍራሹ መሆኑን ማረጋገጥ

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሕመሙ የሚበረታበትን ሰዓት ልብ ብሎ መከታተል ያስፈልጋል። ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ሲነሣ ወገቡ ደርቆና ታሞ የሚያገኘው፣ ተነሥቶ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ግን በግማሽ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ እየለቀቀው የሚሄድ ሰው፣ አልጋውን የሚጠረጥርበት ምክንያት አለው። ዘመድ ቤት ወይም ሌላ ከተማ ሄዶ ሲያድር ጠዋት ቀለል የሚለው ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በአንጻሩ ጠዋት ደህና ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጥ ወይም ዕቃ ሲያነሣ ውሎ ማታ የሚብሰው ሰው፣ ፍራሽ በመቀየሩ ብዙ ለውጥ አያገኝም፤ መጀመሪያ መመርመር ያለበት የሥራው አቀማመጥ ነው።

ፍራሽ ፈጽሞ የማይመለከታቸው የሕመም ዓይነቶችም አሉ። እግር እየዛለ ወይም እየደነዘዘ ከሄደ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ከተሰማ፣ ሽንት ወይም ዐይነ ምድር መቆጣጠር ካቃተ ጉዳዩ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ያለ ምክንያት መክሳት አብሮት የመጣ የጀርባ ሕመምም እንዲሁ ሐኪም ዘንድ ሳይዘገይ መቅረብ ያለበት ነው፤ የአከርካሪ አጥንት ሳንባ ነቀርሳ አንዱ መንሥኤ ሊሆን ይችላልና። ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የጀመረ ሕመም፣ በየትኛውም አተኛኘት የማይረግብ የሌሊት ሕመም፣ እንዲሁም ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይና በወጣትነት የጀመረ ግትርነት ፍራሽ ሻጭን ሳይሆን ሐኪምን የሚመለከቱ ናቸው።

ቀጥሎ የሚመረመረው ከፍራሹ ሥር ያለው ነገር ነው። በአሮጌ የሽቦ አልጋ ላይ የተነጠፈ ፍራሽ፣ ሽቦው መሐል ላይ ከረገበ፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን አብሮ ይጎብጣል። የእንጨት አልጋም ርብራቦቹ ተራርቀው ከተመቱ ስፖንጁ በመሐላቸው ይሰምጣል፤ ክፍተቱ ከ7 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ይህን ለመለየት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አሁን ያለው ፍራሽ በደረቅና በተጠረገ ወለል ላይ ይነጠፍና ለአንድ ሳምንት ያህል ይተኛበታል። ሕመሙ ከቀነሰ ጥፋቱ የአልጋው ነው፤ መፍትሔውም ርብራብ መጨመር ወይም ከፍራሹ ሥር አየር እንዲያስገባ የተበሳሳ ኮምፔንሳቶ ማስገባት ነው። ሕመሙ ካልቀነሰና ፍራሹ ወለል ላይ ሆኖም በዳሌ ቦታ ጎድጓዳ ከሆነ ግን ወደሚቀጥለው እርምጃ መሄድ ይገባል። ጉድጓዱን ለመለካት ከፍራሹ አንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ ሲባጎ ወጥሮ፣ ማንም ሳይተኛበት፣ ከሲባጎው እስከ ፍራሹ ገጽ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ማየት ይበቃል። ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ጉድጓድ ያለው ስፖንጅ ሥራውን ጨርሷል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ምን ያህል ጥንካሬ እንደሚፈለግ ማወቅ

ወገቡን የታመመ ሰው መሬት ላይ ወይም ጣውላ ላይ ይተኛ የሚለው ምክር በአገራችን ሥር የሰደደ ነው፤ ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ጠንካራ ፍራሽ ሲያዙ ኖረዋል። ይህን ልማድ በጥንቃቄ የፈተነው ዋናው ጥናት በስፔን የተካሄደውና በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ነው። የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው 313 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ በጠንካራ፣ ገሚሶቹ በመካከለኛ ጥንካሬ ፍራሽ ላይ ለ90 ቀናት እንዲተኙ ተደረገ። ሁለቱም ቡድኖች መሻሻል ያሳዩ ቢሆንም፣ በመካከለኛው ላይ የተኙት በተኙበትም ሆነ ሲነሡ የሚሰማቸው ሕመም የበለጠ ቀንሶ፣ የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴያቸውም የበለጠ ተሻሽሎ ተገኘ። ጥናቱ የተሠራው ከባድ የጀርባ በሽታ በሌለባቸው ሰዎች ላይ ስለሆነ ውጤቱን ለሁሉም ሕመም ማዋል አይቻልም፤ ነገር ግን ፍራሽ ለሚመርጥ ሰው «መካከለኛ፣ ወደ ጠንካራው ጠጋ ያለ» የሚለውን መነሻ ይሰጣል።

ምክንያቱ ከሰውነት ቅርጽ ጋር የተያያዘ ነው። በጎን ስንተኛ ትከሻና ዳሌ ወደ ውጭ የወጡ ሲሆኑ ወገብ በመሐላቸው ገብቶ ይቀራል። ፍራሹ እንደ ድንጋይ ከሆነ ትከሻና ዳሌ ብቻ ተሸክመው ወገብ ያለ ድጋፍ ይንጠለጠላል፤ ጡንቻዎቹም ሌሊቱን ሙሉ አያርፉም። ፍራሹ በጣም ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ከሰውነታችን ከባዱ ክፍል የሆነው ዳሌ ከሌላው ቀድሞ ይሰምጥና አከርካሪው ይጎብጣል። የሚፈለገው ትከሻና ዳሌ በልክ ገብተው ወገብ የሚሞላበት ልስላሴ፣ ከሥሩ ደግሞ ዳሌውን የሚያቆም ድጋፍ ነው።

ይህ ልክ ከሰው ሰው ይለያያል። ሃምሳ አምስት ኪሎ የምትመዝን ሴት «ጠንካራ» የምትለው ፍራሽ ለዘጠና አምስት ኪሎ ሰው ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ ስፖንጁ ያው ሆኖ ሸክሙ ስለተለያየ ነው። በጎኑ የሚተኛ ሰው በጀርባው ከሚተኛው ትንሽ ለስለስ ያለ ገጽ ይሻል። በሆዱ የሚተኛ ግን ለስላሳ ፍራሽ ወገቡን ወደ ታች ስለሚቀለብሰው ጠንከር ያለ ያስፈልገዋል፤ ወገቡን የሚያመው ከሆነ ደግሞ ይህን አተኛኘት ቢተው ይሻለዋል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ በክብደት መጠን ዴንሲቲና ውፍረት መወሰን

ዴንሲቲውና ውፍረቱ የሚመረጠው በአልጋው ላይ ከሚተኙት ሰዎች በከባዱ መጠን ነው። እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ እስከ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ25 እስከ 28 ዴንሲቲና 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ከ60 እስከ 85 ኪሎ ለሚመዝን ከ30 እስከ 32 ዴንሲቲና ከ18 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ከ35 ያላነሰ ዴንሲቲና ከ20 ያላነሰ ውፍረት መፈለግ ተገቢ ነው። ከ20 ዴንሲቲ በታች የሆነ ስፖንጅ አልፎ አልፎ ለሚመጣ እንግዳ ካልሆነ በቀር ወገቡን ለሚያመው ሰው አይሆንም፤ ዳሌ የሚያርፍበት ቦታ በወራት ውስጥ ይጎደጉዳል።

ውፍረቱ የሚያሳስበው ቀጭን ስፖንጅ ከባድ ሰው ሲተኛበት እስከ መጨረሻው ተጨፍልቆ ዳሌው የአልጋውን እንጨት ስለሚያገኝ ነው። ይህ ሲሆን ሰውየው «ፍራሹ በጣም ጠነከረብኝ» ይላል፤ እውነቱ ግን ፍራሹ ማለቁ ነው። በጎን ተኝቶ በዳሌና በአልጋው መሐል እጅን ከፍራሹ ሥር አስገብቶ አጥንቱ ከተሰማ፣ ያ ፍራሽ ለዚያ ሰው ቀጥኗል ማለት ነው።

አራተኛ እርምጃ፦ ዴንሲቲውን መመዘን

ከዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ አንባቢ ካለ ይህን እርምጃ እንዲወስድ እፈልጋለሁ፤ ሻጩ የሚናገረውን ቁጥር ራስን ችሎ የማረጋገጫ መንገድ ነውና። ስሌቱ ይህ ነው፦

የስፖንጁ ክብደት በኪሎ ግራም ÷ (ርዝመት × ወርድ × ውፍረት በሜትር) = ዴንሲቲ

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ ማሳየት ይሻላል። አዳማ ውስጥ የምትኖር አንዲት የ47 ዓመት መምህርት 82 ኪሎ ትመዝናለች፣ ባለቤቷ ደግሞ 60 ኪሎ። የምትተኛው በጎኗ ነው። ወገቧን የሚያማት ጠዋት ሲሆን፣ ተማሪዎቿ ፊት ቆማ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ስታስተምር ይለቃታል። አሮጌውን ፍራሽ ወለል ላይ አንጥፋ ብትተኛም አልተሻላትም፤ በሲባጎ ስትለካው በእሷ በኩል ጉድጓዱ 4 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ስለዚህ ለሜትር ከሃምሳ አልጋቸው የሚሆን ከ30 እስከ 32 ዴንሲቲ ያለው፣ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፍራሽ መፈለግ ጀመረች።

በመጀመሪያው መደብር ሻጩ «እህቴ፣ ይሄ ሠላሳ ዴንሲቲ፣ ሃያ ሴንቲ ነው» ብሎ አንድ ፍራሽ አቀረበላት። ርዝመቱ 1.90፣ ወርዱ 1.50፣ ውፍረቱ በሻጩ አባባል 0.20 ሜትር ነው፤ ሦስቱ ሲባዙ 0.57 ሜትር ኪዩብ ይሆናሉ። ይህ መጠን በእውነት 30 ዴንሲቲ ቢሆን ስፖንጁ ብቻ 17.1 ኪሎ መመዘን ነበረበት። ፍራሹ በገመድ ተጠቅልሎ ታስሮ በአቅራቢያው በሚገኝ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ሲወጣ 14.2 ኪሎ ሆነ። ጨርቁ ዚፕ ስለነበረው ተፈትቶ ለብቻው ሲመዘን 1.4 ኪሎ ተገኘ፤ ስለዚህ ስፖንጁ 12.8 ኪሎ ነው። 12.8 ለ0.57 ሲካፈል 22.5 ይመጣል።

እዚህ ላይ ብትቆም ኖሮ ግማሹ እውነት ያመልጣት ነበር። ጨርቁ በወጣበት ጊዜ ራቁቱን ስፖንጅ በሜትር ስትለካው ውፍረቱ 20 ሳይሆን 18 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በትክክለኛው ውፍረት መጠኑ 0.513 ሜትር ኪዩብ ሲሆን፣ 12.8 ለዚህ ሲካፈል 25 ይሆናል። ስለዚህ የቀረበላት 30 ዴንሲቲ በ20 ሳይሆን 25 ዴንሲቲ በ18 ነው፤ ለ60 ኪሎ ባለቤቷ የሚሆን፣ ለእሷ ግን የሚያንስ። ብዙ ጊዜ ውፍረቱ የሚጨመረው ጨርቁ ላይ በተሰፋ ቀጭን መደብ ስለሆነ፣ መለካት ያለበት ከጨርቁ የወጣው ስፖንጅ ነው።

በሁለተኛው መደብር «ሠላሳ ሁለት» የተባለው ፍራሽ ውፍረቱ በትክክል 20 ሆኖ ተገኘ። ከነጨርቁ 19.6፣ ጨርቁ ብቻ 1.6 ኪሎ በመመዘኑ ስፖንጁ 18 ኪሎ ነው፤ ለ0.57 ሲካፈል 31.6 ይሆናል። ይህ ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከሚዛንና ከልኬት ስሕተት አያልፍም። ከአምስት በመቶ በላይ የሚጎድል ግን ለሻጩ መነገር አለበት።

ሚዛን ቤት መውሰድ የማይመች ከሆነ የሰው መመዘኛ ሚዛን ይበቃል። አንድ ሰው መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ የተጠቀለለውን ፍራሽ አቅፎ ይመዘንና ልዩነቱ ይወሰዳል። ጨርቁ የማይወልቅ ከሆነ ለሜትር ከሃያ ፍራሽ አንድ ኪሎ ገደማ፣ ለትልቁ አንድ ተኩል ገደማ ለጨርቁ ቀንሶ ማስላት ለግምት ያህል ይሆናል። ክብደቱ እንዲታይ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመ ወደ ሌላ መደብር መሄድ ይሻላል።

ሚዛን ሊታለል የሚችልባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ስፖንጁ ሲመረት የኖራ ድንጋይ ዱቄት መጨመር ነው። ዱቄቱ ክብደቱን ከፍ ያደርጋል እንጂ የስፖንጁን ዕድሜ አያረዝመውም፤ እንዲያውም ቶሎ እንዲሰባበር ያደርገዋል። የስፖንጁን ጠርዝ በጥቁር ጨርቅ አጥብቆ ሲያሹት ነጭ ብናኝ ከቀረ፣ በጣት ቆንጥጠው ሲስቡት እንደ ደረቅ ዳቦ ከተፈረፈረ፣ በመዳፍ ተጭኖ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ለመመለስ ከዘገየ ዱቄት ተጨምሮበታል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ደህና ስፖንጅ ሲሳብ ይለጠጣል፣ ሲለቀቅም ወዲያው ይመለሳል።

ሁለተኛው ከቁርጥራጭ የተጨመቀ ስፖንጅ ነው። ጨርቁ ሲከፈት ባለ ብዙ ቀለም ፍርፋሪ ተጣብቆ ይታያል። ዴንሲቲው 60፣ 80 ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ስለሚችል የሻጩ ቁጥር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ይህ ቁጥር ከመደበኛው ስፖንጅ 32 ጋር አይነጻጸርም። ቁርጥራጮቹ በማጣበቂያ ተጨምቀው የተያዙ ስለሆኑ በጣም ጠንካራና ከባድ ይሆናል። ብዙ ጊዜ «ሜዲካል» ተብሎ የሚሸጠው እሱ ነው። ሜዲካል የሚለው ቃል ራሱ ስለ ጥንካሬውም ሆነ ስለ ዴንሲቲው የሚያስረዳው ነገር የለም። የተጨመቀውን መግዛት የሚፈልግ ሰው እንደ ታችኛ መደብ ተጠቅሞ ከላዩ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር መደበኛ ስፖንጅ ቢያነጥፍበት ይስማማዋል፤ በቀጥታ ሲተኛበት ግን ትከሻና ዳሌውን ይጎዳዋል።

አምስተኛ እርምጃ፦ ጥንካሬውን ተኝቶ መፈተን

መደብር ውስጥ ፍራሾች ተደራርበው ስለሚቀመጡ፣ ገዢው ክምሩ ላይ ወጥቶ ሲቀመጥ የሚሰማው የአንዱ ሳይሆን የሁሉም ልስላሴ ነው። ስለዚህ የተመረጠው ፍራሽ ወርዶ ለብቻው ወለል ላይ ወይም ጣውላ ላይ እንዲነጠፍ መጠየቅ ግድ ነው። ላስቲኩም አየር እንዲያወጣ ጥጉ ይከፈት፤ የታፈነ አየር ፍራሹን ጠንካራ ያስመስለዋልና። በእጅ መጫንም ሆነ ጠርዝ ላይ መቀመጥ ስለ ተኝቶ ማደር ምንም አያስረዳም።

ጫማ አውልቆ፣ ቤት ውስጥ በሚጠቀሙበት ዓይነት ትራስ፣ በለመዱት አተኛኘት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መተኛት ያስፈልጋል። አፍሮ በሁለት ደቂቃ የሚነሣ ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ወገብ ፍርዱን የሚሰጠው ጡንቻዎቹ ከለቀቁ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገሮች ይታያሉ።

መጀመሪያ በጀርባ ተኝቶ እግርን ዘርግቶ፣ መዳፍን ከጎን በኩል በወገብ ሥር ማስገባት ነው። እጁ ሰውነትንም ፍራሹንም እየነካ በትንሽ ትግል ከገባ ልኩ ደርሷል። ያለ ምንም ንክኪ አልፎ በላዩም ክፍት ቦታ ከቀረ ፍራሹ ጠንክሯል። ጨርሶ ካልገባና ዳሌው ከደረት በታች እንደወረደ ከተሰማ ለስልሷል። የወገብ ጉድጓዳቸው በተፈጥሮ ጥልቅ የሆነ ሰዎች ስላሉ ይህን ፈተና ብቻውን መያዝ አይገባም።

ሁለተኛው በጎን ለሚተኛ ሰው የበለጠ አስተማማኝ ነው፤ አብሮ የሄደ ሰውም ያስፈልገዋል። ገዢው በጎኑ ይተኛል፤ ረዳቱ ከኋላ ሆኖ ሲባጎ ከማጅራት እስከ ጅራት አጥንት ወጥሮ ይይዛል። አከርካሪው የሲባጎውን መስመር ይዞ ከፍራሹ ጋር ትይዩ ከሄደ ጥሩ ነው። ወገቡ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ፍራሹ ትከሻና ዳሌን አላስገባም፣ ማለትም ጠንክሯል፤ ዳሌው ከመስመሩ በታች ከወረደ ለስልሷል። መምህርቷ በተጨመቀው «ሜዲካል» ላይ ስትተኛ ባለቤቷ ያየው ይህንኑ ነበር፤ ወገቧ ከሲባጎው ወርዶ፣ ትከሻዋም በአሥር ደቂቃ ውስጥ መደንዘዝ ጀመረ። በ32ቱ ላይ ግን መስመሩ ቀጥ አለ።

ሦስተኛው መገላበጥ ነው። ወገቡን የሚያመው ሰው ሌሊት የሚነቃው ብዙ ጊዜ ሲዞር ነው። ከጎን ወደ ጎን ሲዞሩ ከጉድጓድ እንደ መውጣት ከታገለ ፍራሹ ይህን ሰው አያስተኛውም።

ሜሞሪ ፎም የሚባለውን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። ይህ ስፖንጅ በሙቀት የሚለሰልስ ስለሆነ፣ ጠዋት ቀዝቀዝ ባለ ሰዓት መደብር ውስጥ የተፈተነው በአዳማ ሞቃት ሌሊት የሚሆነውን አያሳይም፤ ሙቀትም ይይዛል። የሚወደው ሰው ከመደበኛ ስፖንጅ በላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ መደብ አድርጎ ቢጠቀምበት ዳሌው ከመጠን በላይ አይሰምጥም።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ለሁለት ሰው ማስታረቅ

መምህርቷ የመረጠችው ፍራሽ ለ60 ኪሎ ባለቤቷ ጠንክሮበት ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለ ነገር መግዛት የታመመውንም የጤነኛውንም ፍላጎት ሳይሞላ ይቀራል። የተሻለው መንገድ ዋናውን ፍራሽ ለከባዱና ለታመመው ሰው ልክ ገዝቶ፣ ለቀላሉ ሰው በራሱ በኩል ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ስፖንጅ ከላይ ማንጠፍ ነው። ስፖንጅ ቆርጠው የሚሸጡ መደብሮች 75 በ190 አድርገው ይቆርጡታል፤ በአንሶላ ከተሸፈነ በኋላ የ3 ሴንቲ ሜትሩ ልዩነት ብዙም አይታወቅም። ክብደታቸው በጣም የሚራራቅ ከሆነ ደግሞ በአንድ አልጋ ላይ ሁለት ለየብቻ የተመረጡ ፍራሾችን ጎን ለጎን ማድረግ ይቻላል።

ይኸው ዘዴ ፍራሹ ከተገዛ በኋላ የጠነከረበትንም ሰው ያድነዋል። የለሰለሰ ፍራሽ ግን ከላይ በሚነጠፍ ነገር አይስተካከልም፤ የሰመጠው ሥሩ ስለሆነ የተጨመረው ስፖንጅ ጉድጓዱን ተከትሎ ይወርዳል። ስለዚህ በሁለት ጥንካሬዎች መሐል የሚያመነታ ሰው ጠንከር ያለውን ቢወስድ ማረሚያ አለው።

ሰባተኛ እርምጃ፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ከመክፈል በፊት መቀየር ይቻል እንደሆነና እስከ ስንት ቀን እንደሆነ በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ መጠየቅ ጠቃሚ ነው፤ ለዚያ ጊዜ ላስቲኩን አለመጣልና ፍራሹን በአንሶላ ሸፍኖ መጠቀም ያስፈልጋል። ላስቲኩን ሳያወልቁ መተኛት ግን አይገባም፤ ያልባል፣ ገጹንም ያጠነክረዋል። አዲስ ስፖንጅ የሚሸተው ሽታ አየር በሚገባበት ክፍል ውስጥ በአንድ ሁለት ቀን ይቀንሳል።

ሰውነት አዲስ ፍራሽ እስኪለምድ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል፤ ስፖንጁም በእነዚህ ሳምንታት ከመጀመሪያ ጥንካሬው ትንሽ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ የሚሰማውን ሕመም ቦታ ማየት አቅጣጫውን ያሳያል። ትከሻና ዳሌ በጎን በኩል የሚያም፣ ክንድ የሚደነዝዝ ከሆነ ገጹ ጠንክሯል፤ 3 ሴንቲ ሜትር ለስላሳ መደብ ይጨመርበት። ትከሻው ደህና ሆኖ ጠዋት ወገቡ ብቻ የሚደርቅ፣ ዳሌውም ወደ ውስጥ የገባ የሚመስለው ከሆነ ለስልሷል፤ የመቀየሪያ ቀኑ ሳያልፍ መመለስ ይገባዋል። በጀርባ ለሚተኛ ሰው ከጉልበት ሥር፣ በጎን ለሚተኛ ደግሞ በጉልበቶቹ መሐል ትራስ ማድረግ ወገቡን ስለሚያሳርፍ፣ ፍራሹን ከመውቀስ በፊት ይህን መሞከር ተገቢ ነው። ከአራት ሳምንት በኋላም ሕመሙ እንዳለ ከሆነ መንሥኤው ከአልጋው ውጭ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

ፍራሹ ዕድሜውን እንዲጨርስ በየሦስት ወሩ ራስጌውን ወደ ግርጌ ማዞር ዳሌ የሚያርፍበትን ቦታ ያለዋውጣል። ከላዩ ለስላሳ መደብ የተሰፋበት ከሆነ ግን ይዞራል እንጂ አይገለበጥም። ብዙዎቻችን ፍራሽን ፀሐይ ማስመታት ለትኋንና ለእርጥበት መድኃኒት አድርገን እናየዋለን፤ ራቁቱን ስፖንጅ ለአዳማ ፀሐይ በየጊዜው ማጋለጥ ግን ቢጫ አድርጎ ያደርቀዋል፣ ገጹም መፈርፈር ይጀምራል። ከነጨርቁ፣ ጥላ ባለበት ነፋሻ ቦታ ለጥቂት ሰዓት ማናፈስ እርጥበቱን ያወጣል። በየስድስት ወሩም ሲባጎውን ወጥሮ ጉድጓዱን መለካትና ከተገዛበት ቀን ጋር በደረሰኙ ጀርባ ላይ መጻፍ ይገባል፤ ቁጥሩ በመጀመሪያው ዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ስፖንጁ የተባለውን ዴንሲቲ ያልያዘ ወይም ለተኝው ክብደት ያነሰ መሆኑን ለሻጩ ለማስረዳት ከማንኛውም ክርክር የተሻለ ማስረጃ ይሆናል።